«አካውንታችን ተቀይሯል» የሚል ኢሜይል ከደረሳችሁ ደውላችሁ ሳታረጋግጡ ገንዘብ አትላኩ

ከውጭ አገር ዕቃ የምታዝዙ ሁሉ ይህንን እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት። በተለይ 30 በመቶ ቅድሚያ ከፍላችሁ፣ ዕቃው ተሠርቶ አልቆ፣ ቀሪውን 70 በመቶ ልትልኩ የተዘጋጃችሁ። ሌቦቹ የሚጠብቁት ያችን ሰዓት ነው።

አንድ የማውቀው ሰው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ እንጀራ ጋግሮ ለሱቆች ያከፋፍላል። ከቻይናዋ ጓንዡ ከተማ የማሸጊያ ማሽን አዘዘ። ዋጋው 40,000 ዶላር ነው። 12,000 ዶላር ቀድሞ ከፈለና ማሽኑ ተሠርቶ ሲያልቅ ፎቶና ቪዲዮ ተላከለት። 28,000 ዶላር ቀረ። ከዚያ ለወራት ስትጽፍለት የቆየችው የሽያጭ ሠራተኛ፣ በዚያው በቆየ የኢሜይል ልውውጣቸው ላይ እንዲህ የሚል መልእክት ላከች፦ «ኦዲት ላይ ስለሆንን የተለመደው አካውንታችን ለጊዜው ገንዘብ አይቀበልም። ቀሪውን በአዲሱ አካውንት ላክልን፤ የተስተካከለው ኢንቮይስ ተያይዟል።» ኢንቮይሱን ከፍቶ አየው። ቁጥሩ ያው፣ የማሽኑ ሞዴል ያው፣ ዋጋው ያው፣ ቀዩ ማህተም ያው። የተቀየሩት የባንኩ መስመሮች ብቻ ናቸው። ላከ።

ከሳምንት በላይ ካለፈ በኋላ እውነተኛዋ ሠራተኛ «ቀሪውን መቼ ትልካለህ?» ብላ ጠየቀችው። ያኔ ነው ነገሩ የገባው። 28,000 ዶላሩ ተበልቷል። ፋብሪካው ደግሞ «እኛ ጋ የደረሰ ገንዘብ የለም» ብሎ ማሽኑን ያዘ። በእርግጥም አልደረሰውም። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ብዙ ጊዜ በድጋሚ የሚከፍለው ገዢው ነው።

ሌባው ይህን ሁሉ እንዴት አወቀ? ኢሜይሉ ውስጥ ተቀምጦ ሲያነብ ስለከረመ ነው። በአብዛኛው ከሁለቱ ድርጅቶች የአንዱ ሠራተኛ በውሸት የመግቢያ ገጽ ላይ የይለፍ ቃሉን ያስገባል። ሌባው ከገባ በኋላ ወዲያው አይሰርቅም። ስንት ተከፈለ፣ ስንት ቀረ፣ ማን ከማን ጋር ይጻጻፋል፣ ማሽኑ መቼ ያልቃል የሚለውን ያጠናል። ክፍያን የሚጠቅሱ ደብዳቤዎች በራሳቸው ወደ እሱ እንዲተላለፉ፣ ወይም ከባለቤቱ ዐይን እንዲሰወሩ ኢሜይሉ ላይ ትእዛዝ ያስቀምጣል። ቀኑ ሲደርስ ይጽፋል።

በዚህ ጉዳይ ላይ የጻፈው እውነተኛውን ከሚመስል የውሸት አድራሻ ነበር። በድርጅቱ ስም ውስጥ ያለውን `m` አውጥቶ በቦታው `rn` አስገብቷል። ሁለቱ ፊደላት ሲጠጋጉ አንድ ይመስላሉ። ስልክ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታየው የላኪው ስም ብቻ ነው፤ አድራሻውን ካልነካችሁት አይወጣም። ከሁሉ የከፋው ግን ይሄ ነው፦ ግልባጭ የሚላክላቸው የፋብሪካው ሰዎች አድራሻም እንዲሁ ተለውጦ ነበር። ስለዚህ ገዢው ሥራ አስኪያጁም ያየው መስሎታል። እውነተኛዎቹ ሰዎች አንድም መልእክት አልደረሳቸውም።

አንዳንዴ ደግሞ ሌባው የሚጽፈው ከትክክለኛው አድራሻ ነው፤ የተሰበረው የአቅራቢው ኢሜይል ከሆነ ማለት ነው። ስለዚህ «አድራሻውን አይቻለሁ፣ ልክ ነው» ማለት ምንም አያረጋግጥም።

እንግዲህ ምን ማየት እንችላለን? እኔ መጀመሪያ የማየው የባንኩን ስዊፍት ኮድ ነው። ኮዱ 8 ወይም 11 ፊደልና ቁጥር ይኖረዋል። 5ኛውና 6ኛው ፊደል አገሩን ይናገራሉ። ለምሳሌ የባንክ ኦፍ ቻይና ኮድ `BKCHCNBJ` ነው፤ መሃል ላይ ያለው `CN` ቻይና ማለት ነው። `HK` ከሆነ ሆንግ ኮንግ ነው። ብዙ የቻይና ፋብሪካዎች በሆንግ ኮንግ አካውንት ስላላቸው ያ ብቻውን ማጭበርበር ነው አያሰኝም። ግን የጓንዡ ፋብሪካ ገንዘቡን ወደ አውሮፓ ላኩልኝ ካለ ቁሙ።

ሁለተኛው ምልክት `IBAN` የሚባለው ረጅም የአካውንት ቁጥር ነው። ቻይናም ሆነች ሆንግ ኮንግ በዚህ አይጠቀሙም። የቻይና አቅራቢያችሁ አዲስ አካውንት ብሎ `IBAN` ከላከ፣ አካውንቱ ያለው ሌላ አገር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት የት እንደሆነ ይነግሯችኋል። ለእንጀራ ነጋዴው የተላከው በ`PL` ይጀምር ነበር። ፖላንድ ማለት ነው። ይህንን ለማየት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ ግን የሚነግረው ሰው አልነበረም። ይህንን የምጽፈውም ለዚህ ነው።

የአካውንቱ ባለቤት ስምስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አዲስ አበባ ውስጥ በሞባይል ባንኪንግ ገንዘብ ስትልኩ የተቀባዩ ስም ብቅ ይላል፤ ካልተስማማ ትተዋላችሁ። ወደ ውጭ የሚላክ ክፍያ ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ አይደለም። የጻፋችሁት ስም የፋብሪካው ቢሆንም፣ ገንዘቡ በቁጥሩ ወደ ሌላ ሰው ኪስ ሊገባ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ሕጉ ራሱ ባንኩ የስሙን አለመግጠም እስካላወቀ ድረስ በቁጥሩ ተመርኩዞ እንዲሠራ ይፈቅድለታል። በእንግሊዝ ከ2020 ጀምሮ ትልልቆቹ ባንኮች ለአገር ውስጥ ክፍያ ስምና ቁጥር ያመሳክራሉ። በዩሮ አካባቢ ደግሞ ለዩሮ ክፍያ ከጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። ከሜሪላንድ ጓንዡ የሚላክ ዶላር ግን በዚህ አይሸፈንም።

ስሙ ቢገጥም እንኳ በቂ አይደለም። ኤቫልዳስ ሪማሳውስካስ የተባለው የሊትዌኒያ ሰው ያደረገውን አስቡ። ኳንታ ኮምፒውተር ከሚባለው የታይዋን አምራች ጋር ተመሳሳይ ስም ያለው ድርጅት ላትቪያ ውስጥ አስመዘገበ። በዚያ ስም በላትቪያና በቆጵሮስ ባንኮች አካውንት ከፈተ። ከዚያ የሐሰት ኢንቮይስ፣ ውልና ማህተም ያለው ደብዳቤ እያዘጋጀ ከ2013 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ድረስ ከጉግልና ከፌስቡክ ከ120 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወሰደ። በመጨረሻ ተይዞ በታኅሣሥ 2019 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ 5 ዓመት ተፈረደበት። እነዚያን የሚያካክሉ ድርጅቶች፣ ስንት የሒሳብ ባለሙያ እያላቸው፣ በስምና በማህተም ተሸወዱ።

ታዲያ የሚያድነው አንድ ነገር ነው፦ መደወል። ግን የምትደውሉበት ቁጥር ወሳኝ ነው። አዲሱ ኢሜይል ወይም አዲሱ ኢንቮይስ ላይ ያለው ቁጥር የሌባው ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ከመጀመሪያው ፕሮፎርማ፣ ከቢዝነስ ካርዱ ወይም ቅድሚያውን ከመክፈላችሁ በፊት ካወራችሁበት ዊቻት ውሰዱ። ከተቻለ በቪዲዮ ደውሉ። ከዚያ ሰውየው ራሱ የባንኩን ስምና የአካውንቱን ቁጥር እንዲያነብላችሁ አድርጉ። እናንተ አታንብቡለት። እናንተ ካነበባችሁ «አዎ አዎ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ በጥድፊያ ያልሰማም «አዎ» ይላል። ለማረጋገጫ የትእዛዝ ቁጥር ወይም ዋጋ አትጠይቁ፤ ያንን ሌባው ከኢሜይሉ አንብቦታል።

«አሁን ኤግዚቢሽን ላይ ነኝ፣ ስልክ ማንሳት አልችልም፣ በኢሜይል ብቻ ጻፍልኝ» ካለ አትላኩ። «ዛሬ ካልከፈልክ መርከቡ ያመልጥሃል» ካለም እንደዚያው። አንድ መርከብ ቢያመልጥ ሌላ አለ።

አንዳንዶች «መጀመሪያ 100 ዶላር ልኬ እሞክራለሁ» ይላሉ። ሙከራው የሚረዳው ፋብሪካው በምታውቁት ስልክ ስንት ዶላርና ሳንቲም እንደገባለት ከነገራችሁ ብቻ ነው። «ደርሶናል» የሚለው መልስ በኢሜይል ከመጣ፣ የደረሰው ለሌባውም ሊሆን ይችላል።

ገና ውል ያልፈረማችሁ ደግሞ ዕድል አላችሁ። ፕሮፎርማው ላይ አንድ መስመር እንዲጨመር ጠይቁ፦ የባንክ አካውንት ለውጥ በኢሜይል ብቻ ተቀባይነት የለውም፣ በሁለቱም ወገን ስማቸው በተጠቀሰ ሰዎች በስልክ መረጋገጥ አለበት። ስሞቹንና ስልኮቹን እዚያው ጻፉ። ከአዲስ አበባ የምታስመጡ ደግሞ ክፍያውን በባንክ ሰነድ በኩል በኤል ሲ ወይም በሲ ኤ ዲ ማድረግ ከቻላችሁ ይሻላል። ሰነዱና የክፍያው መመሪያ ከባንክ ወደ ባንክ ስለሚሄድ በኢሜይል ለሚገባ ሌባ በሩ ይጠባል። በቲ ቲ በቀጥታ መላክ ለዚህ ሌብነት በጣም የተጋለጠው መንገድ ነው።

ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ያወቃችሁ ከሆነ፣ ከአቅራቢው ጋር ጥፋቱ የማን ነው እያላችሁ ሰዓት አታባክኑ። መጀመሪያ ለባንካችሁ ደውሉና «ይህ ማጭበርበር ነው፣ ክፍያው እንዲመለስ ዛሬውኑ ለተቀባዩ ባንክ መልእክት ላኩ» በሉ። የክፍያውን የስዊፍት መልእክት ቅጂ፣ ማለትም ቀድሞ `MT103` አሁን `pacs.008` የሚባለውን ጠይቁ፤ ገንዘቡ የት ባንክ፣ በየትኛው ቁጥር እንደገባ ያሳያል። አሜሪካ ያላችሁ በዚያው ቀን `ic3.gov` ላይ ለኤፍ ቢ አይ አመልክቱ። እነሱ ገንዘቡን ለማስቆም የተሻለ ዕድል የሚኖራቸው ክፍያው ከተላከ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ሌቦቹ ወደ ሌላ አገር ያሻግሩታል፣ ወይም በጥሬው ያወጡታል። ነጋዴው ያመለከተው ከሳምንት በላይ ቆይቶ ነው፤ አካውንቱ ባዶ ነበር።

ኢሜይሎቹን አታጥፉ፤ ለምርመራው ያስፈልጋሉ። ከዚያ የይለፍ ቃላችሁን ቀይሩ። የኢሜይላችሁን ማስተካከያ ከፍታችሁ `Forwarding` እና `Filters` ወይም `Rules` የሚሉትን ተመልከቱ። እናንተ ያላስቀመጣችሁት አድራሻ ካለ ሰርዙት፤ እሱ ካልጠፋ የይለፍ ቃሉን ብትቀይሩም ደብዳቤያችሁ ለሌባው መድረሱን ይቀጥላል። አቅራቢውም ይህንኑ እንዲያደርግ በስልክ ንገሩት።