ረጅም ገለጻ መሃል ላይ፦ የቃል ጠቋሚ ወይስ የክለሳ ስላይድ?

ለቡና አምራች ማኅበር አባላት የአንድ ሰዓት ሥልጠና ትሰጣላችሁ እንበል፤ ክፍሎቹ ለቀማ፣ ማድረቅና ክምችት ናቸው። ከማድረቅ ወደ ክምችት ስትሻገሩ አድማጩን በምን ትይዙታላችሁ? ወደ ቀጣዩ ክፍል በሚያሻግር ንግግር፣ ማለትም በቃል ጠቋሚ፣ ወይስ ያለፈውን ባጭሩ በሚያሳይ የክለሳ ስላይድ?

ዝግጅት
የቃል ጠቋሚ፦ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። «ቡናው ማድረቂያ አልጋ ላይ ደርቋል፤ መጋዘን ገብቶ መልሶ እርጥበት እንዳይስብስ ምን እናድርግ?» ያለፈውን ዘግቶ ቀጣዩን በጥያቄ ይከፍታል። «እሺ፣ ወደ ቀጣዩ እንለፍ» ግን የትም አይጠቁምም።
የክለሳ ስላይድ፦ ሦስት አጭር መስመር። «ቀዩ ብቻ ይለቀም። ሲሰጣ ይሳሳ። እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ሳይወርድ አይከማች።» «ለቀማ፣ ማድረቅ» ብሎ ርዕስ መደርደር ማውጫ እንጂ ክለሳ አይደለም።

ጊዜ
ጠቋሚ፦ ጥቂት ሰከንድ።
ስላይድ፦ ግማሽ ደቂቃ ያህል፤ ሰው እስኪያነብ ዝም ማለት ያስፈልጋልና።

ስጋት
ጠቋሚ፦ ስልኩን የሚያይ ሰው ያመልጠዋል።
ስላይድ፦ አዲስ ነጥብ ከገባበት አድማጩ ያመለጠው ነገር ያለ ይመስለዋል። መብራት ከጠፋ ደግሞ ስላይድ የለም (እኛ አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም)።

ፕሮጀክተር ለሌለበት ወይም ለ20 ደቂቃ ንግግር ጠቋሚው በቂ ነው። ቀጣዩ ክፍል ባለፈው ላይ የሚቆም ከሆነ፣ እንደ ክምችቱ፣ ስላይዱ ይሻላል። የጎደለውን የአድማጩ ጥያቄ ይነግራችኋል፦ «አሁን ስለ የትኛው ነው?» ከተባለ ጠቋሚ፣ «በመቶ ስንት ነበር ያላችሁት?» ከተባለ ክለሳ ጎድሏል።