ሶምሶማ ለምትጀምሩ፦ ዘፈን በልካችሁ የሚያዘጋጅ ወንድም አለ

እዚህ ደብረ ማርቆስ ከተማችን ውስጥ በፍላሽ ዘፈን የሚጭን አንድ ወንድም አለ። ስሙ በአደባባይ እንዲነሳ ስለማይወድ አልጽፈውም፤ ምስጋናዬ ግን በሰው ፊት ይሁን። «የጠዋት ሶምሶማ ልጀምር ነው፣ የ30 ደቂቃ ሞቅ ያለ ዘፈን ጫንልኝ» አልኩት። ያገኘውን ገልብጦ ሊሸኘኝ ይችል ነበር። እሱ ግን «እስቲ መጀመሪያ እዚህ በር ላይ ቀስ ብለሽ ሩጪልኝ» አለኝ።

ሰዓቱን ይዞ ቆጠረ። ቀኝ እግሬ በ30 ሰከንድ 39 ጊዜ መሬት ነካ። በ4 ሲባዛ በደቂቃ 156 እርምጃ ማለት ነው። ከዚያ ምታቸው ወደዚህ የሚጠጋ ዘፈኖች መረጠ። በደቂቃ 78 የሚመታም ይሆናል፤ በአንድ ምት ሁለት እርምጃ ነው። 150 የሚመታውን አንዱን ደግሞ የዘፋኙ ድምፅ ሳይቀጥን በኮምፒውተር ትንሽ አፈጠነው። ብዙ ከተገፋ ከበሮው ይበላሻል ብሎኛል።

ሙያው የታየኝ ግን ሲቆርጥ ነው። የእኛ የጎጃም ጭፈራ ብዙ ጊዜ በማሲንቆ ብቻ ረጋ ብሎ ይጀምራል፣ ከበሮው ቆይቶ ይገባል። እስክስታው ሲደራ ደግሞ ምቱ እየፈጠነ ይሄዳል። ለሠርግ ይህን የመሰለ የለም! ጀማሪ ሯጭን ግን ያደክማል፤ እግር ሳይታወቀው ምቱን ይከተልና ትንፋሽ ያጥራል። ስለዚህ መግቢያውንም የሚፈጥነውን መጨረሻም ቆርጦ ምቱ የማይዋዥቀውን መሀሉን አስቀረ። በመሀል ዝምታ እንዳይኖር ሁሉንም አገጣጥሞ አንድ አደረጋቸው። ዝም ሲል እርምጃ ይጠፋላ።

የመጀመሪያው 5 ደቂቃ ለእርምጃ የሚሆን፣ 115 አካባቢ የሚመታ ዘፈን ነው። ቀጥሎ 20 ደቂቃ ሶምሶማ፣ በመጨረሻም 5 ደቂቃ እንደገና እርምጃ። ትዝታ ልጨምር ብዬው ነበር፤ «እሱን ቤት ገብተሽ ቡና ላይ ስሚው» አለኝ። ልክ ነው።

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቆላ ለኖረ ሰው ትንፋሹ ቶሎ ያጥርበታል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ከዘፈኑ አንድ ስንኝ ሳትቆራርጡ አብራችሁ ማለት ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል። ያኔ ምቱን ሳትለቁ እርምጃችሁን አሳጥሩ። ዳገት ላይም እንዲሁ ነው፤ ከበሮው እንደያዘ ይቀጥላል፣ እግራችሁ ግን አጠር አጠር ይላል። ያም ካልረዳ አንድ ዘፈን በእግር ሂዱና ተመለሱበት።

ወደ እሱ የምትሄዱ ለሩጫ የሚመች ጫማ አድርጉ፣ በር ላይ ያስሮጣችኋል። ሰው ከበዛበት ፍላሹን ትታችሁ ማታ ውሰዱ፤ ቆረጣው ጊዜ ይፈልጋል። ጠዋት ስትወጡ ባጃጅ እንድትሰሙ ኤርፎኑን በአንድ ጆሮ ብቻ አድርጉ።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።