አንድ ቋት ወይስ ሁለት? ለቤትም ለጡረታም የምትቆጥብ ነርስ የአንድ ገጽ ዕቅድ

ነርሷ 34 ዓመቷ ነው እንበል። ከ5 ዓመት በኋላ ለቤት ቅድመ ክፍያ መክፈል ትፈልጋለች። በ62 ዓመቷ ደግሞ ጡረታ ትወጣለች። ከደመወዟ በወር 100 ታስቀምጣለች (በፈለጋችሁት ገንዘብ አስቡት)። ለቤቱ የሚያስፈልጋት 3,600 ነው። ዕቅዷን በአንድ ገጽ ለመጻፍ ሁለት መንገድ አላት።

አንደኛው ሁሉንም ባንድ ቋት ያስገባል። ገጹ ላይ የሚሰፍረው "60 በመቶ አክሲዮን፣ 40 በመቶ ተቀማጭና ቦንድ፤ ቤቱም ጡረታውም ከዚሁ ይወጣል" የሚል ነው። ሁለተኛው ይከፍለዋል፦ "በወር 60 ለቤት፣ በተቀማጭ ሂሳብና በአጭር ጊዜ ቦንድ። በወር 40 ለጡረታ፣ ብዙ ኩባንያዎችን በያዘ የአክሲዮን ኢንዴክስ ፈንድ።"

ቀላልነቱን ካየን አንዱ ቋት ያሸንፋል። አንድ ሂሳብ፣ አንድ ቁጥር፣ በቃ። ገበያው ደህና ከሆነም ብዙ አክሲዮን ስለያዘ የተሻለ ሊያተርፍ ይችላል። ልዩነቱ የሚታየው ገበያው ሲወድቅ ነው።

ስሌቱን ቀለል ለማድረግ ወለድና ትርፍን እንተው። በ5 ዓመት 6,000 ተጠራቅሟል። ልክ ቤቱን ልትገዛ ስትል አክሲዮን በግማሽ ወረደ። የማይሆን ነገር አይደለም፤ የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች መለኪያ የሆነው ኤስ ኤንድ ፒ 500 እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2007 እስከ ማርች 2009 ከግማሽ በላይ ወርዷል።

በአንዱ ቋት 3,600 የነበረው አክሲዮን 1,800 ይሆናል፤ 2,400ው ተቀማጭና ቦንድ ባለበት አለ እንበል። ለቤቱ 3,600 ስለሚያስፈልጋት የጎደለውን 1,200 ለማሟላት አክሲዮኗን በግማሽ ዋጋ ትሸጣለች። በእጇ የሚቀረው 600 ነው። ገበያው ወደ ነበረበት ቢመለስ እንኳ 600ው ከ1,200 አያልፍም። የተሸጠው ተሸጧል።

በሁለቱ ቋት የቤቱ 3,600 አልተነካም። የጡረታው 2,400 ወደ 1,200 ወርዷል፤ ሲያዩት ያስደነግጣል። ግን የሚሸጥ ነገር የለም። ገበያው ሲመለስ 2,400ውም ይመለሳል፤ ለመጠበቅ ደግሞ 23 ዓመት ይቀራታል።

"አንዱ ቋት ውስጥ አክሲዮኑን 40 በመቶ ባደርገውስ?" የሚል ይኖራል። ትክክል ነው፣ ሂሳቡ እኩል ይመጣል። ችግሩ ወረቀቱ ላይ የቱ ገንዘብ የምን እንደሆነ አለመጻፉ ነው። ቤት ሻጩ "ትንሽ ጨምሪ" ሲላት ጡረታዋን እየነካች መሆኑን የሚነግራት መስመር የለም። እኔ ሁለቱን ቋት የምመርጠው በዋናነት ለዚህ ነው።

ሁለት ቋትም የራሱ ጣጣ አለው። የቤት ዋጋ ከተቀማጭ ወለድ በላይ እየሮጠ ከሄደ 3,600ው ሳይነካም ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ ገጹ ላይ እንዲህ የሚል መስመር ይግባ፦ "በየዓመቱ የምፈልገውን ዓይነት ቤት ቅድመ ክፍያ እጠይቃለሁ። ከጨመረ ወይ ወርሃዊውን አሳድጋለሁ፣ ወይ ቀኑን እገፋለሁ። የቤቱን ገንዘብ አክሲዮን ውስጥ አላስገባም።" የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር የምትፈተነው ባልደረቦች በተረኞች ክፍል ስለ ትርፋቸው ሲያወሩ ነው።

ነርስ ስለሆነች ደግሞ የትርፍ ሰዓትና የሌሊት ተረኝነት ክፍያ ነገር አለ። የወሩ 100 ከመነሻ ደመወዝ ብቻ የሚወጣ ይሁን። ዕቅዱ ትርፍ ሰዓት ላይ ከቆመ፣ ወገቧ የታመመ ወር ወይም ልጅ የወለደች ዓመት ሁሉም ይቆማል። ትርፍ ሰዓቱ መጀመሪያ ከ3 እስከ 6 ወር የሚያቆይ መጠባበቂያ ይሙላ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ወደ ቤቱ ቋት። አሠሪዋ ለጡረታ ስታዋጣ አብሮ የሚያዋጣ ከሆነ ግን ያንን ሙሉ ለሙሉ ሳትወስድ ሌላ ነገር አትጀምር።

ለጡረታው ቋት ፈንድ ስትመርጥ ከሁሉ በፊት ዓመታዊ ክፍያውን ትይ። ዛሬ የገባ ገንዘብ በዓመት 1 በመቶ ሲቆረጥበት በ28 ዓመት ሩብ ያህሉን ክፍያ ይበላዋል። 0.2 በመቶ ከሆነ የሚሄደው ከ5 በመቶ ትንሽ ይበልጣል። ሻጩ ይህን ቁጥር ባንድ ቃል መናገር ካልቻለ ሌላ ፈንድ ትፈልግ።

አንዱ ቋት የሚመረጥበትም ጊዜ አለ። ቤቱ ገና 10 ዓመት ከቀረው፣ ወይም "ባይሆንም ግድ የለኝም" የምትል ከሆነ መከፋፈሉ ብዙም አይጠቅማትም። ቀኑ ሲቆረጥና 5 ዓመት ሲቀረው ያኔ ትክፈለው፤ ይህንንም ገጹ ላይ ከነዓመተ ምህረቱ ትጻፈው።