የጠፋ ሴቭ በሄክስ እንመልሳለን ለሚሏችሁ ብር አትክፈሉ፣ መጀመሪያ ይሄን እዩ

ጂቲኤ ሳን አንድሬስ በኮምፒውተር የምትጫወቱ ልጆች ወይ ታናሽ ወንድም ያላችሁ ይሄን አንብቡት። ወንድሜ ሴቭ እያደረገ መብራት ሄደ፣ ሲመጣ ጌሙ ያንን ሴቭ አልከፍት አለ። ሳን ፊዬሮ ደርሶ ነበር፣ የሁለት ወር ክረምት ጨዋታ ነው፣ ልጁ እራት አልበላም። እኔም አንድ የኮምፒውተር ቤት ወሰድኩት፣ "በሄክስ ኤዲተር እንመልሰዋለን" ብለው 800 ብር ተቀበሉኝ፣ በማግስቱ ሴቩ ተከፈተ፣ ደስ አለን።

ግን የእሱ አልነበረም። ላስ ቬንቹራስ ተከፍቷል፣ 100ውም የግድግዳ ጽሁፍ ተቀብቷል፣ ወንድሜ ግን ከአስር በላይ ነክቶ አያውቅም። የሌላ ሰው ሴቭ ከኢንተርኔት አውርደው የእሱን ፋይል ስም ሰጥተው ነው የመለሱልን፣ ያውም በነጻ የሚገኝ ነገር። ኦሪጅናሉንም ደርበው አጥፍተውታል። ደግነቱ ከመውሰዴ በፊት ፍላሽ ላይ ኮፒ አድርጌው ነበርና ያንን HxD በሚባል የፋይል ባይቶችን በሚያሳይ ሄክስ ኤዲተር ከፈትኩት (ነጻ ነው)፣ ከላይ እስከ ታች 00 00 00 ብቻ ነው። ያኔ ነው የገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጤነኛ ሴቭ መጠኑ 202,752 ባይት ነው፣ ሲከፈት መጀመሪያው ላይ 42 4C 4F 43 4B ይላል፣ በቀኝ በኩል BLOCK ተብሎ ይነበባል፣ ይሄ ቃል ወደ ታች ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። መብራት ሲቋረጥ ዊንዶውስ የፋይሉን መጠን መዝግቦ ውስጡን ሳይጽፍ ሊቀር ይችላል፣ ስለዚህ መጠኑ ልክ ሆኖ ውስጡ ባዶ ይሆናል፣ መጠኑን ብቻ አይታችሁ አትታለሉ። BLOCK የሚል አንድም ቦታ ከሌለ ከዛ ፋይል ማንም ምንም አያወጣም፣ ሄክስ ኤዲተር ያለውን ቁጥር ይቀይራል እንጂ የሌለውን አያመጣም። ስለዚህ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ራሳችሁ ክፈቱት፣ ሁለት ደቂቃ ነው።

ታዲያ ሄክስ የሚጠቅመው መቼ ነው? ፋይሉ ጤነኛ ሆኖ አንድ የምታውቁት ነገር ሲጠፋ ነው። ለምሳሌ 350,000 ብር ነበራችሁ፣ ፈረስ ውርርድ ላይ ተበልታችሁ 1,217 ቀርቶ በላዩ ላይ ሴቭ አደረጋችሁ እንበል። 1,217 በፋይሉ ውስጥ ከትንሹ ባይት ጀምሮ ወደ ኋላ ነው የሚጻፈው፣ እንዲህ፦

```
C1 04 00 00   (1217)
30 57 05 00   (350000)
```

የላይኛውን በ Ctrl+F በሄክስ ፈልጋችሁ በታችኛው ትተኩታላችሁ፣ በላዩ ላይ እየጻፋችሁ እንጂ ባይት እየጨመራችሁ አይደለም፣ መጠኑ ከተቀየረ አለቀ። ብዙ ቦታ ካገኘላችሁ ጌም ውስጥ ትንሽ ብር አጥፍታችሁ ሌላ ስሎት ላይ ሴቭ አድርጉና አዲሱን ቁጥር ፈልጉ፣ አብሮ የተቀየረው ቦታ ነው ትክክለኛው።

ብዙ ሰው እዚህ ድረስ ሰርቶ ጌሙ አልከፍትም ሲለው "ተበላሸ" ብሎ ይተወዋል፣ የረሳው ግን ቼክሰሙን ነው። የመጨረሻዎቹ 4 ባይቶች ከእነሱ በፊት ያሉት ባይቶች ሁሉ ድምር ናቸው፣ ጌሙ ደምሮ ካልገጠመለት ፋይሉን አይቀበልም። ሁሉንም መደመር አያስፈልግም፣ ልዩነቱን ብቻ አስተካክሉ። C1 እና 04 በአስርዮሽ 193 እና 4፣ ድምራቸው 197። 30፣ 57 እና 05 ደግሞ 48፣ 87 እና 5፣ ድምራቸው 140። በ57 ቀንሷል፣ ስለዚህ ቼክሰሙም በ57 ይቀንሳል፣ ሁለት ቦታ ከቀየራችሁ በ114። መጨረሻው A2 5C 8F 00 ቢሆን A2 ማለት 162 ነው፣ 57 ሲቀነስ 105፣ ማለትም በሄክስ 69፣ እና 69 5C 8F 00 ይሆናል።

ይሄ ሁሉ ግን ኮፒው ላይ ነው የሚሰራው፣ ኦሪጅናሉን አትንኩት፣ ለማንም ስትሰጡም ኮፒውን ስጡ። እኛ ያጣነውን የሚያድን የነበረው ባካፕ ብቻ ነበር፣ አሁን ወንድሜ ተጫውቶ ሲጨርስ ይሄን በ cmd ያስኬዳል፦

```
robocopy "%USERPROFILE%\Documents\GTA San Andreas User Files" "E:\gta\01" GTASAsf*.b
```

በቀጣዩ ቀን 01 የሚለውን 02 ያደርገዋል። ሁሌ አንድ ፎልደር ላይ ከደረባችሁ አንድ ቀን ባዶው ፋይል ደህናውን ባካፕ ይውጠዋል። ጌሙ ውስጥም 8 ስሎት አለ፣ ሁለት ወይ ሦስቱን እያፈራረቃችሁ ሴቭ አድርጉ፣ መብራት ቢሄድ የሚጎዳው የዛን ሰዓት የሚጻፈው ብቻ ነው። ኮምፒውተር ቤቱን ብሬን መልሱ ብዬ ሄጄ "ተከፍቷል አይደል?" ነው ያሉኝ፣ እስካሁን አልመለሱም። ወንድሜ ከመጀመሪያው ጀምሯል።