ፒዲኤፍን ወደ ዎርድ ለመቀየር፦ ዎርድ ራሱ፣ አክሮባት ወይስ ነጻ መቀየሪያ?

«ለፒዲኤፍ መቀየሪያ የቱን ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ በተለይ በጨረታ ሰሞን ማቆሚያ የለውም። መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። ኮምፒውተራችሁ ላይ ዎርድ 2013 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ካለ ምንም አትግዙ፤ መቀየሪያው እጃችሁ ላይ ነው። ለአዶቤ አክሮባት መክፈል የሚያስፈልገው ረጅም ሰንጠረዥ ሲያጋጥም ነው፣ ያውም ለአንድ ወር ብቻ። «የዕድሜ ልክ አክሮባት» እየተባለ በፍላሽ የሚሸጠው ግን በነጻ ቢሰጣችሁም አትውሰዱት።

ምርጫውን የሚወስነው የፒዲኤፍ ባሕርይ ነው። አብዛኛው ፒዲኤፍ ውስጥ ሰንጠረዥ የሚባል ነገር የለም። ያለው «ይህ ፊደል እዚህ ቦታ ላይ ይቀመጥ፣ ይህ መስመር ከዚህ እስከዚያ ይሰመር» የሚል ትእዛዝ ነው። መቀየሪያው መስመሮቹንና በፊደሎቹ መካከል ያለውን ክፍተት አይቶ ሰንጠረዡን፣ ዓምዱንና ተራ ቁጥሩን ይገምታል። ገንዘብ የምትከፍሉት ለተሻለ ግምት ነው። ስለዚህ ጠርዙ የተሰመረ ሰንጠረዥ በአብዛኛው መሣሪያ ደህና ይወጣል፤ መስመር የሌለው ሰንጠረዥ ግን በታብ የተለያየ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

ከመክፈል በፊት የግማሽ ደቂቃ ፍተሻ

ፒዲኤፉን ክፈቱና ሁለት መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ኖትፓድ ላይ ለጥፉ። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከወጣ መቀየር ይቻላል። ጽሑፉ ጭራሽ አልመረጥ ካለ ሰነዱ ስካን ነው። የላቲን ፊደልና ምልክት የተደበላለቀበት ነገር ከወጣ ደግሞ ሰነዱ የተጻፈው ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ የግዕዝ ፎንት ነው። ይህን በነጻው አክሮባት ሪደር Ctrl+D ተጭናችሁ Fonts በሚለው ስር የፎንቱን ስም በማየት ማረጋገጥ ይቻላል። እንዲህ ያለውን ሰነድ ነጻውም ሆነ ውዱ መቀየሪያ አያድነውም። ያው ፎንት ከተጫነ ዎርድ ላይ አማርኛ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ቃል መፈለግ አይቻልም፣ ፎንቱን ስትቀይሩ መልሶ ይበላሻል። መጀመሪያ ጽሑፉ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት። ብዙ ሰው መቀየሪያ በመቀየሪያ ላይ እየገዛ ገንዘቡን የሚጨርሰው ይህን ሳያጣራ ነው።

ሰንጠረዡ፦ ዎርድ ከአክሮባት

ለምሳሌ የጨረታ ሰነድ እንውሰድ። በመካከሉ ሦስት ገጽ የሚይዝ የዋጋ ማቅረቢያ ሰንጠረዥ አለ፤ ዓምዶቹ ተራ ቁጥር፣ የሥራው ዝርዝር፣ መለኪያ፣ ብዛት፣ ነጠላ ዋጋና ጠቅላላ ዋጋ ናቸው።

በዎርድ ሲሆን File ከዚያ Open ብላችሁ ፒዲኤፉን ትመርጣላችሁ። ዎርድ ሰነዱን ወደሚስተካከል ፋይል እንደሚቀይር ይነግራችኋል፤ OK ትሉና ወዲያው በአዲስ ስም በ docx ታስቀምጣላችሁ። ዋናው ፒዲኤፍ አይነካም። ሰንጠረዡ ሰንጠረዥ ሆኖ ይወጣል፣ ግን ብዙ ጊዜ በየገጹ ተቆርጦ ሦስት ሰንጠረዥ ይሆናል። የዓምዶቹ ርዕስ በየገጹ የሚደገም ከሆነም እንደ ተራ ረድፍ ሆኖ መሐል ላይ ይገኛል። የሥራው ዝርዝር ሁለት ሦስት መስመር ከያዘ አንዱ ሥራ ሁለት ረድፍ ላይ ሊሰበር ይችላል፤ ሁለተኛው ረድፍ ተራ ቁጥርም ብዛትም የሌለው ባዶ ሆኖ ስታዩ ይህ እንደደረሰ ዕወቁ።

ጥገናው ቀላል ነው። የተደገሙትን የርዕስ ረድፎች ሰርዙ፣ በሁለቱ ሰንጠረዦች መካከል ያለውን ባዶ አንቀጽ አጥፉ፤ ይገጣጠማሉ። የተሰበረውን ረድፍ በየዓምዱ ላይና ታች ያሉትን ሁለት ሕዋሶች እየመረጣችሁ በ Merge Cells አንድ አድርጉ። የመጀመሪያውን ረድፍ መርጣችሁ Layout ውስጥ Repeat Header Rows በሉ። የምትጽፉት ቁጥር ግማሹ ተቆርጦ የሚታይ ከሆነ የረድፉ ቁመት ተቆልፏል ማለት ነው፤ Table Properties ውስጥ Row በሚለው ስር Specify height የሚለውን ምልክት አንሱ።

አክሮባት በዚህ በኩል ይሻላል፣ በተለይ የተዋሐዱ ሕዋሶች ወይም ከፊል ጠርዝ ብቻ ያለው ሰንጠረዥ ሲሆን። ነገር ግን አንድ ቅንብር አለ፣ እሱን ሳያዩ የሚቀይሩ ሰዎች ናቸው በኋላ «አክሮባትም አይረባም» የሚሉት። ወደ ዎርድ ስትልኩ ቅንብሩ ውስጥ Retain Flowing Text እና Retain Page Layout የሚሉ ሁለት ምርጫዎች አሉ። ሁለተኛው ገጹን ቁርጥ ፒዲኤፉን ያስመስለዋል፤ ለዓይን ያምራል፣ ለማስተካከል ግን ቅጣት ነው፤ ጽሑፉን በየቦታው በቴክስት ቦክስ ይቸነክረዋል። ማስተካከል ከፈለጋችሁ ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ምረጡ።

በየትኛውም ብትቀይሩ ድምሩን ሳታመሳክሩ አታስረክቡ። የብዛቱን ዓምድ ኮፒ አድርጋችሁ ኤክሴል ላይ ደምሩት፣ ከፒዲኤፉ ላይ ያለውንም በእጅ ደምሩ። አንድ ረድፍ ጠፍቶ ወይም የአሥርዮሽ ነጥብ ተውጦ ከሆነ የሚያጋልጠው ይህ ነው።

ዎርድ ለሌለው፣ ሰንጠረዡም ጠርዝ ካለው፣ ከነጻዎቹ የምመርጠው pdf2docx የተባለውን የፓይተን መሣሪያ ነው። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ሰነዱ ከእጃችሁ አይወጣም። ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው ገጽ ብቻ ለመቀየር፦

```
pip install pdf2docx
pdf2docx convert chereta.pdf chereta.docx --pages=4,5,6
```

የገጽ ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር 4 ማለት አምስተኛው ገጽ ነው። ጽሑፉ እንደ ጋዜጣ ከሁለት በላይ በሆነ ዓምድ የተከፈለበትን ገጽ አይችልም፤ ተራ ቁጥርንም እንደ ተራ ጽሑፍ ብቻ ያወጣዋል። ሊብሬኦፊስ ነጻ ቢሆንም ለዚህ ሥራ አልመክረውም፤ ፒዲኤፉን የሚከፍተው በስዕል ፕሮግራሙ ሲሆን ጽሑፉን በየቁርጥራጩ ይበትነዋል።

ሁለት ዓምድ ሁሉ አንድ አይደለም

የመጽሔት ዓምድ ከግራው ግርጌ ወደ ቀኙ ራስጌ ይፈስሳል። ዎርድም አክሮባትም ይህን ይችሉታል። የነጋሪት ጋዜጣ ዓምድ ግን ሌላ ነው፤ በግራ አማርኛው፣ በቀኝ እንግሊዝኛው ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት ጽሑፎች ናቸው። መቀየሪያው እንደ መጽሔት ዓምድ ስለሚቆጥረው የአንዱ ገጽ አማርኛ ሲያልቅ እንግሊዝኛው ይቀጥላል፣ ከዚያ የሚቀጥለው ገጽ አማርኛ ይመጣል። አማርኛው ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ስትጨምሩ ትርፉ ወደ እንግሊዝኛው ዓምድ ይፈስሳል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይዛባል። ለዚህ የሚሆነው ጠርዝ የሌለው ባለ ሁለት ዓምድ ሰንጠረዥ ነው፦ ለእያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ረድፍ፣ በግራ አማርኛው፣ በቀኝ እንግሊዝኛው። ይህን በእጅ ማዋቀር ግድ ነው። የሚያስፈልጋችሁ አንዱ ቋንቋ ብቻ ከሆነ ግን አትልፉ፤ በአክሮባት ሪደር ሌላውን ሳትነኩ የዓምዱን ጽሑፍ መርጣችሁ ኮፒ ማድረግ ይቀላል።

ተራ ቁጥር

ትልቁ አደጋ እዚህ ነው፣ ምክንያቱም ስሕተቱ አይታይም። ዎርድም አክሮባትም 1. 2. 3. የሚለውን ሲያዩ ራሱን የሚቆጥር ዝርዝር ያደርጉታል። ሰንጠረዥ ወይም የገጽ መለያያ ሲያጋጥም ግን ቆጠራው እንደገና ከ1 ሊጀምር፣ ወይም አዲስ መጀመር ሲገባው ሊቀጥል ይችላል። ውል ላይ «በአንቀጽ 7 በተገለጸው መሠረት» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሳይነካ፣ አንቀጽ 7 ራሱ 3 ሆኖ ይገኛል።

ቁጥሩን ጠቅ አድርጉት። ግራጫ ሆኖ ሁሉም ቁጥሮች አብረው ከተመረጡ ራሱን የሚቆጥር ነው፤ ጠቋሚው ቁጥሩ መሐል ከገባ ተራ ጽሑፍ ነው። የተሳሳተውን ቁጥር በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ Continue Numbering ወይም Set Numbering Value በሉ። ለውል የምመክረው ግን ቁጥሩን ጭራሽ ማቆም ነው፦ መጀመሪያ አስተካክላችሁ ከፒዲኤፉ ጋር አመሳክሩ፣ ከዚያ Alt+F11፣ ቀጥሎ Ctrl+G ተጭናችሁ ይህን ጽፋችሁ ኢንተር በሉ፦

```
ActiveDocument.ConvertNumbersToText
```

ቁጥሮቹ በሙሉ ተራ ጽሑፍ ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ በራሳቸው አይዛወሩም።

ሀ፣ ለ፣ ሐ እያለ የሚሄደው ዝርዝር ግን በየትኛውም መቀየሪያ ራሱን የሚቆጥር ሆኖ አይመጣም፤ ዎርድ ራሱ በግዕዝ ፊደል የሚቆጥር ዝርዝር የለውም። ስለዚህ «የእኛ መቀየሪያ ይችላል» ለሚል ሻጭ ተጨማሪ አትክፈሉ። ፊደሉ፣ ታቡና የመስመሩ ገባ ማለት ሳይዛቡ ከወጡ በቂ ነው።

ዋጋው

የአክሮባት ፕሮ በአሜሪካ ዋጋ በወር 19.99 ዶላር ተብሎ የሚታየው የአንድ ዓመት ውል ነው፤ በዓመት 239.88 ዶላር ይሆናል። ከመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት በኋላ ብታቋርጡ የቀሪውን ግማሽ ያስከፍላል። ከሁለት ወር በኋላ ለተወ ሰው ይህ ወደ 100 ዶላር ነው። ያለ ዓመት ውል በወር የሚከፈለው 29.99 ዶላር ነው፤ ለአንድ ሥራ የሚያዋጣው እሱ ነው። ከዚያም የሚረክሰው ስታንዳርድ የተባለው ወደ ዎርድ መቀየርን ይችላል፣ ያለ ዓመት ውል 22.99 ዶላር ነው፤ ለዚህ ሥራ ፕሮ አያስፈልግም። ሥራው የአንድ ሳምንት ብቻ ከሆነ የፕሮን የ7 ቀን ሙከራ ተጠቀሙ፤ ካርድ ስለሚጠይቅ ግን የሚያበቃበትን ቀን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፣ ካላቋረጣችሁት መቁረጥ ይጀምራል።

በፍላሽ የሚሸጠው ክራክ የረከሰ ይመስላል። ሲጫን ጸረ ቫይረሱን አጥፉ ይላል፤ ከዚያ ዝማኔ ይዘጋል፣ አንድ ቀን ፕሮግራሙ አልከፈት ሲል እንደገና ለመጫን ይከፈላል። የጨረታ ዋጋችሁ ያለበትን ኮምፒውተር ጸረ ቫይረስ አጥፍቶ ለማይታወቅ ፕሮግራም መክፈት ከዶላሩ ይበልጥ ያስከፍላል። ነጻ ድረ ገጾችም ፋይላችሁን ወደ ራሳቸው ሰርቨር ወስደው ነው የሚቀይሩት፤ ለትምህርት ማስታወሻ ይሁን፣ ላልተከፈተ የዋጋ ሰነድ፣ ለውልና ለደመወዝ ዝርዝር አይሁን።

ስካን የሆነ አማርኛ ከሆነስ? አክሮባት ጽሑፍ በሚያነብባቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ አማርኛ የለም፣ ስለዚህ ለዚህ ብላችሁ አትክፈሉ። ጉግል ድራይቭ ላይ ጫኑትና በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ Open with ከዚያ Google Docs በሉ፤ አማርኛውን በነጻ ያነብበዋል። ሰንጠረዥና ዓምድ ግን ስለማይጠብቅ ሰንጠረዡን ዎርድ ላይ ባዶውን ሠርታችሁ ጽሑፉን በየሕዋሱ ለጥፉ። ሀ ከሐ፣ ሰ ከሠ፣ 1 ከ7 የሚምታታበት ስለሚበዛ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ከዋናው ጋር አስተያዩ።