ከመስከረም ወይስ ከዓመቱ አማካይ?

በሰበታ ገበያ የጤፍ ኩንታልና የሽንኩርት ኪሎ ዋጋ ዕድገት በአንድ ግራፍ እንዲነጻጸር ለሁለቱም 100 የሚሆን መነሻ እንመርጣለን።

```
=B2/B$2*100
=B2/AVERAGE(B$2:B$13)*100
```

የላይኛው ቀመር መስከረምን፣ የታችኛው የ12 ወራቱን አማካይ መነሻ ያደርጋል (ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ይቆጠራል)።

ሽንኩርት በመስከረም ተወዶ 120 ብር፣ የዓመቱ አማካይ 80፣ የቀጣዩ ዓመት አማካይ ደግሞ 100 ቢሆን፣ በላይኛው 83 ይወጣል፤ የረከሰ ይመስላል። በታችኛው 125 ነው፤ እውነቱም ይኸው ነው። ጤፍ እንደ ሽንኩርት በየወሩ ስለማይዋዥቅ የሁለቱ ቀመሮች ልዩነት ትንሽ ነው።

ስለዚህ አትክልት ካለበት አማካዩ ይሻላል፤ መስመሮቹ ግን ከአንድ ነጥብ አይነሱም፣ የሙሉ ዓመት ዋጋም ይፈልጋል። በላይኛው ቀመር የተሠራው መስመር 100 ላይ ተጋድሞ ከቀረ የ$ ምልክቱ ተረስቷል።