ለአኒሜሽን ፊልም ሙዚቃ፣ ፎንትና ቪዲዮ ከየት ይወሰድ? የፈቃዶች ንጽጽር

ስምንት ደቂቃ የሚፈጅ አማርኛ አኒሜሽን አልቋል እንበል። መግቢያው ላይ 70 ሰከንድ ሙዚቃ አለ። ርዕሱና የሠሪዎቹ ስም በግዕዝ ፊደል ተጽፏል። ሁለት ትዕይንቶች ላይ ከኢንተርኔት የወረደ ቪዲዮ ገብቷል፤ አንዱ አስፋልት ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው፣ ሌላው ሰዎች የሚመላለሱበት መንገድ ሲሆን ሰዎቹ ላይ ፍሬም በፍሬም ተስሎበታል። ፊልሙ መጀመሪያ ዩቲዩብ ላይ ከማስታወቂያ ጋር፣ ቀጥሎ ፌስቡክ ላይ ይለቀቃል፤ ከወራት በኋላ ለቴሌቪዥን ጣቢያ ሊሸጥም ይችላል። ፈቃዶቹን እዚህ የምናነጻጽረው በዚህ ፊልም ነው። ዩቲዩብ ላይ ምንም የማይነካው ሙዚቃ ጣቢያው ዘንድ ሲደርስ ፊልሙን ሊያስመልሰው ስለሚችል፣ ከዋጋው በፊት የሚታየው ፊልሙ የት የት እንደሚሄድ ነው።

ሙዚቃ

ከሦስቱ ብዙ ጣጣ ያለው ሙዚቃ ነው። ገንዘብ የሌለውም ያለውም ሰው በአብዛኛው ከእነዚህ አራት ምንጮች አንዱን ይመርጣል።

| ምንጭ | ክፍያ | ከዩቲዩብ ውጭ | ዋናው ስጋት |
|---|---|---|---|
| የዩቲዩብ ኦዲዮ ላይብረሪ | ነጻ | እንደ ፈቃዱ ዓይነት | ሁለት ዓይነት ፈቃድ መደባለቁ |
| ክሬቲቭ ኮመንስ | ነጻ | ይሄዳል | NC፣ ND እና SA የሚሉት ገደቦች |
| እንደ ፒክሳቤይ ያሉ ነጻ ገጾች | ነጻ | ይሄዳል | የኮንቴንት አይዲ ክሌም |
| እንደ ኤፒደሚክ ሳውንድ ያለ የወር ክፍያ | በየወሩ | እንደ ዕቅዱ | ክፍያው ካቆመ በኋላ የሚለቀቅ ሁሉ |

የዩቲዩብ ኦዲዮ ላይብረሪ ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ይገኛል። አንዳንዱ ሙዚቃ የዩቲዩብ የራሱ ፈቃድ አለው፤ ይህ የባለቤቱን ስም መጥቀስ አይጠይቅም። ሌላው CC BY 4.0 የሚባለው የክሬቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ነው፤ ይህኛው ስም ካልተጠቀሰ ፈቃዱ አይጸናም። ለመለየት ማጣሪያው ላይ `Attribution not required` የሚለውን መምረጥ ይበቃል። ብዙ ሰው ስም መጥቀስ የማያስፈልገውን ይመርጣል፤ ወደ ቴሌቪዥን ለሚሄድ ፊልም ግን የተገላቢጦሹ ይሻላል። የመጀመሪያው ፈቃድ የተዘጋጀው ለዩቲዩብ ቪዲዮ ነው፤ CC BY ግን ስም እስከተጠቀሰ ድረስ የትም ይሄዳል። ሜታ ለፌስቡክና ለኢንስታግራም ያዘጋጀው የሙዚቃ ስብስብም ያው ነው፣ ከራሱ መድረኮች ውጭ አይሠራም።

ክሬቲቭ ኮመንስ ባለቤቶች ሥራቸውን ሌላ ሰው እንዲጠቀምበት አስቀድመው የሚፈቅዱባቸው ፈቃዶች ናቸው፤ ስሙን ብቻ አይቶ ማውረድ ግን ያስጠይቃል። ከስሙ ቀጥለው የሚመጡት ፊደላት ናቸው ወሳኞቹ። ND ያለበት ሙዚቃ ሳይቀየር እንዲቀርብ ብቻ የተፈቀደ ነው። ሙዚቃውን እኮ አልቆረጥኩትም የሚል መከራከሪያ እዚህ አያዋጣም፤ የ4.0 ፈቃድ ጽሑፍ ሙዚቃን ከተንቀሳቃሽ ምስል ጋር በጊዜ ማጣጣም ራሱ አዲስ ሥራ መፍጠር እንደሆነ በግልጽ ይደነግጋል። ስለዚህ ND ያለበት ሙዚቃ ፊልም ውስጥ አይገባም። በዚሁ ምክንያት SA ያለበት ሙዚቃ ከገባ ፊልሙ በሙሉ በዚያው ፈቃድ መለቀቅ አለበት፤ ማለትም ማንም ሰው ፊልሙን አባዝቶ ሊያሰራጭ ይችላል። ብቸኛ የማሰራጨት መብት የሚገዛ ጣቢያ ደግሞ ይህን አይቀበልም። NC ለንግድ እንዳይውል ይከለክላል፤ ማስታወቂያ ለሚገባበትና ለሚሸጥ ፊልም አይሆንም። የሚቀሩት CC BY እና ምንም ቅድመ ሁኔታ የሌለው CC0 ናቸው።

እንደ ፒክሳቤይ ባሉ ገጾች ፈቃዱ ሰፊ ነው፤ ስም መጥቀስም ግዴታ አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ሙዚቀኛው ያንኑ ሥራ በአከፋፋይ በኩል ኮንቴንት አይዲ በሚባለው የዩቲዩብ መለያ ሥርዓት ውስጥ አስመዝግቦት ሊሆን ይችላል። ማሽኑ የሚያወዳድረው ድምፅን ከድምፅ ጋር እንጂ ፈቃድን አይደለም፤ ስለዚህ በሕጋዊ መንገድ የወረደ ሙዚቃ ላይም ክሌም፣ ማለትም የባለቤትነት ጥያቄ፣ ይመጣል። ሌላ ሰው ያንኑ ነጻ ሉፕ ተጠቅሞ ዘፈን ሠርቶ ቢያስመዘግብም ውጤቱ አንድ ነው። ፒክሳቤይ ለዚህ ጊዜ የሚሆን የፈቃድ ምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ሙዚቃው በወረደበት ቀን አብሮ ይውረድ።

በወር ክፍያ የሚሠሩት ኮንቴንት አይዲን በተመለከተ ያሳርፋሉ። ቻናላችሁን ከአካውንቱ ጋር ካገናኛችሁት ክሌም እንዳይመጣ ያደርጋሉ፣ ከመጣም ያነሱታል። ኤፒደሚክ ሳውንድ ክፍያው ባልተቋረጠበት ጊዜ የተለቀቀ ቪዲዮ ክፍያው ካቆመም በኋላ እንደተፈቀደለት ይቀጥላል ይላል። ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፦ ፊልሙ ተለቅቆ፣ ክፍያው ቆሞ፣ ከሦስት ወር በኋላ የፊደል ስህተት ታርሞ እንደገና ሲጫን አዲስ ቪዲዮ ነው፤ የድሮው ፈቃድ አይሸፍነውም። የቴሌቪዥን ስርጭት በዕቅዱ ውስጥ መኖር አለመኖሩንም ከመክፈል በፊት ማየት ያስፈልጋል።

አገር ቤት ላሉ ሠሪዎች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የዶላር ካርድ ማግኘት ስለሚያስቸግር ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ውጭ ያለ ወንድም ወይም የአክስት ልጅ ነው። አካውንቱን በራሱ ስምና ኢሜይል ከከፈተው ፈቃዱም የእሱ ይሆናል፤ ክርክር ሲነሳ ደረሰኙ ላይ ያለው ስም ከቻናሉ ባለቤት ጋር አይገጥምም። አካውንቱ በፊልሙ ባለቤት ስም ይከፈት፤ ዘመድ ካርዱን ብቻ ይስጥ።

የባህል ዜማ የማንም ስላልሆነ እንደልብ ይወሰዳል የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ፊልም አስከስሷል ባንልም፣ ብዙ ክሌም እንደሚያመጣ ግን ጥርጥር የለውም። ዜማው የሕዝብ ቢሆንም ከካሴት ወይም ከዩቲዩብ የተቀዳው ድምፅ የዘፋኙና የአሳታሚው ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኙም ለድምፅ ሪከርዲንግ አዘጋጁም የየራሳቸውን መብት ይሰጣል። ክራር ወይም ማሲንቆ ተጫዋች ቀጥሮ ዜማውን አዲስ ማስቀረጽና መብቱን በጽሑፍ መቀበል ከአራቱም ምንጮች የተሻለ ነው። ጽሑፉ ላይ «ለፊልሙ፣ በማንኛውም መድረክ፣ ያለ ጊዜ ገደብ» የሚለው ካልሰፈረ ግን «ለዩቲዩብ ብቻ ነበር የተስማማነው» የሚል ጥያቄ ሊመጣ ይችላል።

ክሌም ሲመጣ

ክሌም ስትራይክ፣ ማለትም ሲደጋገም ቻናል የሚያዘጋ ማስጠንቀቂያ፣ አይደለም። ክሌም ገቢውን ወደ ጠያቂው ያዞራል፣ አልያም ቪዲዮውን በአንዳንድ ወይም በሁሉም አገሮች ያግዳል፤ ቻናሉን ግን አይዘጋም። ፈቃድ ካላችሁ መቃወሚያ አስገቡና ምክንያቱን «ፈቃድ አለኝ» በሚለው ምረጡ፤ የፈቃዱን ቁጥር ወይም አድራሻና የወረደበትን ቀን ጻፉ። ጠያቂው ለመመለስ 30 ቀን አለው። ክሌሙ በመጣ በ5 ቀን ውስጥ ከተቃወማችሁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለው ገቢ እስኪወሰን ድረስ ይያዝላችኋል፤ ከዚያ ከዘገያችሁ የሚያዘው መቃወሚያው ከገባበት ቀን ወዲህ ያለው ብቻ ነው። ስትራይክ የሚመጣው ክርክሩ ገፍቶ ጠያቂው ቪዲዮው እንዲነሳ በሕግ ሲጠይቅ ነው፤ ስለዚህ ማስረጃ ሳይኖር ይግባኝ ማለት አደገኛ ነው።

ፎንት

ለግዕዝ ፊደል ምርጫው ቀላል ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ሲል በኦፕን ፎንት ላይሰንስ የተለቀቁ ናቸው፦ ለሚሸጥ ፊልም ይሆናሉ፣ ስም መጥቀስ አይጠይቁም፤ የተከለከለው ፎንቱን ብቻውን መሸጥ ነው። በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት ያማሩ የርዕስ ፎንቶች ግን ብዙ ጊዜ የፈቃድ ፋይል የላቸውም። «ለግል አገልግሎት ነጻ» የሚሉትም ማስታወቂያ ላለበት ፊልም አይሆኑም። የሚገዙት ላይ ደግሞ ለኮምፒውተር የሚሸጠው ፈቃድ ቪዲዮን ያካትት እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ አንዳንድ ሻጮች ለቪዲዮና ለቴሌቪዥን ለብቻ ያስከፍላሉ።

ፎንቱ ከየት እንደመጣ ከተረሳ ፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን ማየት ይቻላል፤ lcdf-typetools የሚባለውን ፕሮግራም ጭናችሁ ተርሚናል ላይ ይህን ጻፉ፦

```
otfinfo -i NotoSansEthiopic-Regular.ttf
```

የሚወጣው ጽሑፍ ውስጥ `Copyright` እና `License` የሚሉትን መስመሮች አንብቡ። ካልወጡ ፎንቱን በሌላ መተካት ይሻላል፤ ርዕስ መቀየር አሁን የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፣ ከተሸጠ በኋላ ግን ፊልሙን እንደገና ማውጣት ይጠይቃል።

የተዘጋጀ ቪዲዮ

ለዝናቡ እንደ ፔክስልስ ያለ ነጻ ገጽ ይበቃል። ሰው አይታይበትም፣ የንግድ ምልክት የለበትም። ለመንገዱ ትዕይንት ግን አይበቃም። ፊቱ የሚለይ ሰው ካለ ሰውየው ለመቀረጹ የፈረመበት ስምምነት መኖር አለበት፤ ነጻ ገጾች ይህን በእጃችሁ አይሰጧችሁም፣ ቪዲዮውን የጫነው ሰው ራሱ ባለቤቱ መሆኑንም ማረጋገጥ አይቻልም። የሚከፈልባቸው ሻጮች ስምምነቱ ስለመኖሩ በእያንዳንዱ ቪዲዮ ገጽ ላይ ይገልጻሉ። እነሱም ጋ ቢሆን `Editorial use only` የሚል ምልክት ያለበት ለዜናና ለመሰል ዘገባ ብቻ የተሸጠ ነው፤ ልብ ወለድ ፊልም ውስጥ አይገባም።

አኒሜተሮች ዘንድ የሚሰማው «ስለሳልኩበት የእኔ ሆኗል» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። በቪዲዮ ላይ ፍሬም በፍሬም መሳል ከቪዲዮው የወጣ ሥራ ነው፤ እርምጃው፣ የካሜራው አቀማመጥና የሰዎቹ አቋም ከዋናው ጋር ይገጥማል። ስለዚህ ቪዲዮው ፈቃድ ከሌለው ሥዕሉም የለውም፤ ND ከሆነ ደግሞ የተሳለበትን ማሰራጨት ክልክል ነው። ለእንዲህ ዓይነት ትዕይንት ከመግዛትም የሚቀለው ሁለት ጓደኛ አስፈርሞ በስልክ 20 ሰከንድ መቅረጽ ነው።

ለዚህ ፊልም የምንመርጠው

መግቢያው ላይ አዲስ የተቀረጸ የክራር ሙዚቃ ከነስምምነቱ፤ በጀት ከሌለ CC BY 4.0። ለርዕሱ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ። ዝናቡ ከነጻ ገጽ፣ መንገዱ በራሳችሁ ስልክ። ከፊልሙ ፋይል ጎን አንድ አቃፊ ይከፈትና ለእያንዳንዱ ነገር የገጹ ስክሪንሾት ከነቀኑ፣ የፈቃዱ ጽሑፍና ደረሰኙ ይቀመጥ። ባለቤቱ ነገ ገጹን ቢያጠፋም የክሬቲቭ ኮመንስ ፈቃድ አይሻርባችሁም፤ ሙዚቃው ግን በዚያ ፈቃድ መለቀቁን ማሳየት የምትችሉት ይህ ከተቀመጠ ነው።

CC BY ከሆነ ክሬዲቱ አራት ነገር ይይዛል፦ የሙዚቃው ርዕስ፣ የሠሪው ስም፣ የተገኘበት ገጽ፣ ፈቃዱ ከነሊንኩ። ፊልሙ መጨረሻ ላይም፣ ከዩቲዩቡ ሥር ባለው መግለጫም ይጻፍ፤ መግለጫው ወደ ፌስቡክና ወደ ቴሌቪዥን አይከተልም። ክሬዲት የተረሳ ከሆነ የ4.0 ፈቃድ ጥፋቱ በታወቀ በ30 ቀን ውስጥ ከታረመ መብቱን መልሶ ይሰጣል።

ከመልቀቅ በፊት ፊልሙን ዩቲዩብ ላይ `Private` አድርጋችሁ ጫኑና `Checks` የሚለው ደረጃ እስኪያልቅ ጠብቁ። ክሌም ካለ ሙዚቃው የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ሰከንድ ጭምር ያሳያል። ምንም ካላሳየ ማሽኑ የሚያውቀው ድምፅና ምስል አላገኘም ማለት ነው እንጂ ፎንቱንም ሆነ የሰዎቹን ፈቃድ አላየም፤ እነዚያን የምታረጋግጡት ከአቃፊው ነው።